እህት አሜሪካ፣ ዕቃው ደሴ፦ ስለ ነፃ ማድረሻ አባልነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ ትንሽ የሞባይል ዕቃ ሱቅ አለኝ። እህቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። እኔ ከዚህ እመርጣለሁ፣ እሷ ከዚያ ታዛለች፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው በሻንጣው ይዞልን ይመጣል። እንዲህ ስንሠራ ዓመታት ሆኑን። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ስለ ማድረሻው የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አንዱን ጥያቄ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስመልስ ስለምውል መልሱን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። አብዛኛው ስለ አማዞን ነው፤ እኛ ሰፈር የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ።

ይሄ «ፕራይም» የሚባለው አባልነት ምንድን ነው? የሚከፈለውስ ለምኑ ነው?

በአጭሩ የማድረሻ ሂሳብን አስቀድሞ በጅምላ መክፈል ነው። አማዞን የጀመረው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ያኔ በዓመት 79 ዶላር ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 139 ዶላር፣ ወይም በወር 14.99 ዶላር ነው። አባል የሆነ ሰው የፕራይም ምልክት ያለበትን ዕቃ ሲገዛ ማድረሻ አይከፍልም። የአምስት ዶላር ገመድ ብቻውን ቢያዝም አይከፍልም። ዕቃውም ቶሎ ይደርስለታል።

ዋልማርትም የራሱ አለው፤ በዓመት 98 ዶላር ነው። አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን ከቅርብ ሱቅ ተነስቶ ቤት የሚደርሰው የአስቤዛ ዕቃ ለአባልም ቢሆን 35 ዶላር መሙላት አለበት። አባል መሆን ሁልጊዜ ሚኒመሙን ያነሳል ማለት አይደለም። አማዞንም ላይ እንደዚያው ነው። በዚያው ቀን የሚደርስ ዕቃ በነፃ እንዲመጣ አባሉ ራሱ ቢያንስ 25 ዶላር መግዛት ይጠበቅበታል፣ ካልሞላ ትንሽ ይጨምራል።

አባል ሆኜ አድራሻዬን ደሴ ብዬ ብጽፍ በነፃ ይመጣልኛል?

አይመጣም። ይሄን ቶሎ ልቁረጠው፣ ምክንያቱም በዚህ ተስፋ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው አለ። የአሜሪካው አባልነት ነፃ የሚያደርገው አሜሪካ ውስጥ ላለ አድራሻ ነው። አድራሻውን ኢትዮጵያ ስታደርገው የፕራይሙ ጥቅም ይቀራል። አንዳንዱ ዕቃ ከባድ የማጓጓዣ ዋጋ ይወጣበታል። አብዛኛው ደግሞ "This item cannot be shipped to your selected delivery location" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣበታል፤ ወደመረጥከው ቦታ አንልክም ማለቱ ነው።

ስለዚህ ለእኛ አባልነቱ የሚሸፍነው የመንገዱን የመጀመሪያ ቁራጭ ብቻ ነው። ከመጋዘኑ እስከ እህቴ በር ድረስ። ከእሷ በር እስከ ቦሌ የሰው ሻንጣ ነው። ከቦሌ እስከ ደሴ ደግሞ ወይ አውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ፣ ወይ በደብረ ብርሃንና በከሚሴ የሚመጣው አውቶቡስ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይቺን የመጀመሪያ ቁራጭ የሚመለከት ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ቀኑንም የሚያባክነው እዚያች ላይ ነው።

እኔ ስልኬ ላይ የማየውና እህቴ የምታየው ለምን ይለያያል?

አማዞን ያለህበትን ቦታ አይቶ ነው የሚያሳይህ። ገጹን ከደሴ ስትከፍት ከላይ በኩል "Deliver to Ethiopia" ብሎ ይጠብቅሃል። በዚያ ሁኔታ የምታየው ዋጋ፣ ቀንና «አለ፣ የለም» ሁሉ ለአንተ አይሠራም። ሊንኩን ለእህትህ ስትልክላት እሷ ጋ ሌላ ቀን፣ አንዳንዴም ሌላ ሻጭ ይወጣል። ከዚያ ስልክ ላይ «እኔ ጋ እንዲህ ይላል፣ አንቺ ጋ ምን ይላል» እየተባባላችሁ ካርድ ትጨርሳላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ያንን "Deliver to" የሚለውን ንካው። አገር ምረጥ ከሚለው ሌላ የአሜሪካ ዚፕ ኮድ ማስገቢያ ሳጥን አለው። የእህትህን ሰፈር አምስት አሃዝ አስገባ። እኔ የአሌክሳንድሪያውን 22304 ነው የማስገባው። ወዲያው ገጹ ይቀየራል። የሚታይህ ቀን እሷ ደጃፍ ላይ የሚደርስበት ቀን ይሆናል። ይህን ሳታደርግ አንድም ዕቃ አትምረጥ።

አባል ካልሆንን 35 ዶላር ስንሞላ ነፃ ነው ይላል። ግን 40 ዶላር ገዝተን ማድረሻ አስከፈለን። ለምን?

ይሄ ጥያቄ ነው እኔንም መጀመሪያ ያስቸገረኝ። በአንድ ደንበኛዬ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። መምህርት ናት፣ ማታ ማታ ደግሞ ልብስ ትሰፋለች። ሦስት ነገር ፈለገች፦ 24 ዶላር የሆነ ፓወር ባንክ፣ 9 ዶላር የሆነ የስልክ መስታወት፣ 7 ዶላር የሆነ የስፌት መኪና እግር። ድምሩ 40 ነው። እህቴ ያኔ አባል አልነበረችም። ቅርጫቱ ውስጥ 40 እያየን መጨረሻ ላይ ወደ 7 ዶላር ገደማ የማድረሻ ተጨመረብን።

ምክንያቱ 35ቱን የሚሞላው ራሱ አማዞን ከመጋዘኑ የሚልከው ዕቃ ብቻ መሆኑ ነው። የስፌት መኪናው እግር ሌላ ሻጭ ከራሱ ቦታ የሚልከው ነበር። ስለዚህ 7 ዶላሩ አይቆጠርም። የሚቆጠረው 24 እና 9፣ ማለትም 33 ብቻ ነው። ሁለት ዶላር ጎድሎን ሰባት ልንከፍል ነው።

ታዲያ 6 ዶላር የሆነ ቻርጀር ገመድ ጨመርን፤ 39 ሆነ፣ ማድረሻውም ጠፋ። ሰባት ዶላር ለማድረሻ ከመክፈል በስድስት ዶላር ሱቄ ውስጥ የሚሸጥ ገመድ መግዛት ይሻላል። እዚህ ላይ ደስ ብሎን ሳንጨርስ እህቴ ፓወር ባንኩ ላይ የ5 ዶላር ኩፖን አየችና ነካችው። ማድረሻው ተመልሶ መጣ!

የሆነው ይሄ ነው። የሚቆጠረው ከቅናሽ በኋላ ያለው ዋጋ ነው። 39 የነበረው 34 ሆነ። አንድ ዶላር ጎደለ። ገመዱን አውጥተን 8 ዶላር በሚያወጣ ረዘም ባለ ገመድ ቀየርነው፤ 36 ሆነ። ኩፖኑንም አገኘን፣ ማድረሻውም ነፃ ሆነ። ታክስና የስጦታ መጠቅለያ ሂሳብም ሚኒመሙን አይሞሉም። ከታች ያለው ጠቅላላ ድምር 35 ስላለፈ ብቻ አትመኑ። የመጨረሻውን አዝራር ከመንካታችሁ በፊት የማድረሻው መስመር ዜሮ ማለቱን በዓይናችሁ እዩ።

የትኛው ዕቃ እንደሚቆጠርና እንደማይቆጠር በምን አውቃለሁ?

በሁለት ትንንሽ መስመሮች። ዕቃው ገጽ ላይ፣ መግዣው አዝራር አካባቢ "Ships from" እና "Sold by" የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው ማን ይልከዋል ነው፣ ሁለተኛው ማን ይሸጠዋል። ሰዎች የሚያዩት ሻጩን ነው። ለማድረሻው ግን ወሳኙ ላኪው ነው።

ሻጩ ሌላ ሰው ሆኖ ላኪው አማዞን ከሆነ ችግር የለም። ነጋዴው ዕቃውን አስቀድሞ አማዞን መጋዘን አስገብቶታል ማለት ነው። ሚኒመሙ ውስጥ ይቆጠራል፣ አብዛኛውን ጊዜም የፕራይም ምልክት አለው። ላኪውም ሻጩም ያው ነጋዴ ከሆነ ግን ማድረሻውን የሚወስነው እሱ ነው። ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፣ ነፃም ሊያደርገው ይችላል። ፕራይም ምልክት ይዞ በራሱ የሚልክ ነጋዴም አለ፣ እሱ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ተስማምቶ የገባ ነው። ምልክቱ የሌለው ከሆነ ግን «ነፃ» የምትለዋ ቃል ስለ ፍጥነት ምንም አትናገርም።

ይቺን የተማርኩት ከስሬ ነው። አንድ የኦንላይን መደብር ላይ የስፌት መኪና ዕቃ "FREE delivery" የሚል አይቼ ለእህቴ ላክሁላት። ማድረሻው እውነትም ነፃ ነበር። ከሥሩ ያለውን የቀን ርዝመት ግን አላነበብኩም፤ ከአንድ ወር በላይ ይል ነበር። ዕቃው የሚነሳው ከቻይና ነው። እህቴ ቤት ሲደርስ ዕቃ የሚያመጣልን ሰውዬ ደሴ ገብቶ፣ ዘመድ ጠይቆ ተመልሶ ሄዷል። ያቺ ትንሽ ፖስታ አራት ወር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠች። ደንበኛዬ ሥራዋ ቆሞባት ነበርና እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል። አሁን ከ«ነፃ» በፊት ቀኑን ነው የማነበው።

ፕራይም ላይ «በሁለት ቀን ይደርሳል» ሲሉ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?

ካዘዝክበት ደቂቃ አይደለም። ዕቃው ከመጋዘን ከወጣበት ነው። ከዚያ በፊት ፈልጎ ማውጣትና ማሸግ አለ። ለብዙው ዕቃ ይህ ሰዓታት ነው የሚፈጀው፣ ለአንዳንዱ ግን ቀናት ነው። መጋዘኑ ውስጥ ገና ያልገባ ዕቃም በፕራይም ምልክት ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ «የሁለት ቀን» የሚለውን ስም ትተህ የተጻፈውን ቀን ያዝ። ገጹ ላይ የሳምንቱን ቀንና የወሩን ቀን ቁጥር ጨምሮ ይጽፍልሃል።

ከቀኑ አጠገብ ብዙ ጊዜ "Order within" የሚል ሰዓት ይቆጥራል። ያ ሰዓት ሲያልቅ ቀኑ በአንድ ይገፋል። እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ችግር ያመጣል። ደሴ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ ገና ሌሊት ነው፤ በበጋቸው በሰባት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ነው የምንቀድማቸው። እኔ ጠዋት ሱቅ ከፍቼ የላክሁትን እህቴ ከሥራ ስትመለስ ነው የምታየው። እኛ ጋ ያኔ እኩለ ሌሊት አልፏል። ያየሁት ቆጠራ ብዙ ጊዜ አልቆ ነው የሚጠብቃት። ስለዚህ ሊንኩን ስልክላት የምቆጥረው እኔ ካየሁት ቀን ላይ አንድ ጨምሬ ነው።

ሌላው ነገር፣ አንድ ቅርጫት ማለት አንድ ካርቶን ማለት አይደለም። ሦስት ዕቃ ብታዝ ሦስቱም ከተለያየ መጋዘን፣ በተለያየ ቀን ሊመጡ ይችላሉ። ሂሳብ ከመክፈልህ በፊት ያለው ገጽ ይህን ለየብቻ ያሳያል። ከሌሎቹ በጣም የራቀ ቀን ያለው ዕቃ ካለ እሱ ነው መንገደኛውን የሚያስመልጥህ። ወይ ተወው፣ ወይ ያንኑ ዕቃ የፕራይም ምልክት ካለበት ሻጭ ፈልግ። የመምህርቷ የስፌት መኪና እግር በ7 ዶላር ሦስት ሳምንት ይል ነበር። ሌላ ሻጭ ጋ በ11 ዶላር፣ ከአማዞን መጋዘን የሚላክ አገኘንላት። አራት ዶላር ጨምራ በወቅቱ አገኘችው።

አባል ላልሆነ ሰው ነፃው ማድረሻ ሆን ተብሎ ዘገምተኛ ነው። ሳምንት ገደማ ያስቡት። አባሉም ቢሆን ቀርፋፋውን ምርጫ ሊመርጥ ይችላል፤ ትንሽ ቅናሽ ወይም ለዲጂታል ዕቃ የሚውል ዶላር ይሰጡታል። መንገደኛው ገና ወር ከቀረው እህቴ እሱን ትመርጣለች። ለምን ትቸኩላለች? ዕቃው ቢፈጥን የሚጠብቀው ያው መንገደኛውን ነው።

መንገደኛው የሚነሳበት ቀን ታውቋል። መቼ ልዘዝ?

ወደ ኋላ ቁጠር። እኛ የምንሠራበትን ላሳያችሁ።

ሰውየው ዓርብ ምሽት ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ይነሳል እንበል። ዕቃው ሁሉ ማክሰኞ እህቴ እጅ መሆን አለበት። ሦስቱ ቀን ትርፍ አይደለም። አንዱ ቀን የዘገየ ካርቶን ካለ ይሄዳል። አንዱ ዕቃውን ለመክፈትና ለመሞከር ነው። አንዱ ደግሞ ሰውየው ቤት ለማድረስ ነው፤ ሰው ሻንጣውን ዘግቶ ከመዘነ በኋላ አንድ ኪሎ ጨምርልኝ ማለት ነውር ነው።

እንግዲህ በፕራይም ከሆነ ከዚያ ማክሰኞ በፊት ያለው ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማዘዝ ይበቃል። አባል ሳይሆኑ 35 ዶላር ሞልተው ከሆነ ከመነሻው ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ይበሉ። ሁለት ሳምንትም ሊበቃ ይችላል፣ ግን ለምን ልብዎ ይሰቀላል። ከሌላ አገር የሚነሳ ከሆነ ስድስት ሳምንት። መንገደኛው ከስድስት ሳምንት በታች ከቀረው እንዲህ ያለውን ዕቃ እኔ አልነካም።

ሻንጣውንም አስቡ። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ 23፣ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል። የፕራይም ነፃ ማድረሻ ኪሎ አይጠይቅም፤ ብረት ድስትም በነፃ እህቴ በር ይደርሳል። ሰውየው ግን የእናቱን ዕቃ ትቶ የኔን ድስት አይጭንም።

አባል መሆን ያዋጣል ወይስ 35 ዶላር እየሞሉ መግዛት?

በሒሳብ እንየው። ለትንሽ ዕቃ የሚጠየቀው ማድረሻ 7 ዶላር ነው ብንል 139 ዶላሩን ለማካካስ በዓመት ሃያ ጊዜ ያህል ከ35 ዶላር በታች ማዘዝ ያስፈልጋል። እህትህ አሜሪካ ውስጥ ለቤቷ ሳሙናውንም ዳይፐሩንም ከዚያ የምትገዛ ከሆነ ሃያ ጊዜ በሦስት ወር ያልፋል። ያኔ አባልነቱ የሷ ነው፣ አንተ በሷ ላይ ተደርበህ ትጠቀማለህ።

ለደሴ ብቻ ብሎ አባል መሆን ግን አያዋጣም ባይ ነኝ። መንገደኛ በዓመት ስንቴ ይገኛል? ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ ለክረምት፣ ለገና። አራት አምስት ጊዜ። ለእያንዳንዱ መንገደኛ የጎረቤቱን ትእዛዝ አንድ ላይ ብትሰበስብ 35 ዶላር በቀላሉ ይሞላል። እኛ አሁን የምናደርገው ይሄንን ነው። ሱቄ ግድግዳ ላይ ደብተር ሰቅያለሁ። መንገደኛ መኖሩ እንደተሰማ ሰው ሊንኩን ያጽፋል፣ እሑድ ማታ አንድ ላይ ይላካል።

ቀኑ ሲያጥርስ? አንድ ወር ብቻ በ14.99 ገብቶ መውጣት አለ። ከዚያ በፊት ግን አባል ያልነበረ ሰው የ30 ቀን ነፃ ሙከራ ይፈቀድለታል። ሙከራው ሲያልቅ ግን ዝም ብሎ አይቆምም፤ ከካርዱ መቁረጥ ይጀምራል። እህቴ በገባችበት በዚያው ቀን ማደሱን አጠፋችው፤ 30ው ቀን እስኪሞላ ድረስ ግን ተጠቅማበታለች። ይህን ማስታወስ ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ሰዎችን ሳያውቁት አባል ታደርጋለህ፣ መውጫውንም ታከብዳለህ ብሎ አማዞንን ከሶ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አልቋል።

እህቴ ያለችው ሪያድ ነው፤ ዱባይ ነው። የአሜሪካው አባልነት ይሠራላታል?

ወሎ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ከአሜሪካው ይበልጣል። ባረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ስንት ነው? መልሱ አይሠራም ነው። አባልነቱ በየአገሩ ነው። ሳዑዲም ኤምሬትስም የራሳቸው አማዞንና የራሳቸው ፕራይም አላቸው፤ ክፍያውም ከአሜሪካው በጣም ያነሰ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃም እዚያው ገጽ ላይ ይሸጣል፣ እሱ ግን እዚያው ካለው ዕቃ ይዘገያል፣ የራሱም ሚኒመም አለው። ከዱባይ የሚገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሌላ ጥሩ ነገር አለው፦ ኃይሉ ከእኛ 220 ጋር ይስማማል። የአሜሪካው 120 ነው፣ በ120 ብቻ የሚሠራ ዕቃ ትራንስፎርመር ካልተደረገለት ይቃጠላል። የዱባዩ ሶኬት ሦስት እግር ስለሆነ ማስማሚያ ብቻ ይፈልጋል።

ከማዘዛችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቋት። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከሆነች ዕቃው የሚደርሰው አሠሪዋ በር ላይ ነው። ካርቶን በካርቶን ላይ ሲመጣ ጣጣ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። እሷ «ይመቸኛል» ካላለች ነፃ ማድረሻው ይቅር። በራሷ ቤት የምትኖር ዘመድ ካለች በሷ አድራሻ ይሁን።

ፓወር ባንክ ይቆጠራል? ሲመጣስ ችግር የለውም?

ለሚኒመሙ ይቆጠራል። ባትሪ ያለበት ዕቃ ግን አንዳንዴ በአውሮፕላን ስለማይጫንና በመኪና ብቻ ስለሚጓጓዝ ከሌላው ዕቃ በአንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ቀኑን ለይተህ እየው።

ሻንጣ ውስጥ ግን አይገባም። መንገደኛው በእጅ ቦርሳው ነው የሚይዘው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት አወር ያለው ነው። ስሌቱ ይኸውላችሁ፦ 20,000 ሚሊ አምፔር አወር የሚለውን በ3.7 አባዛና ለ1,000 አካፍል፤ 74 ይመጣል። ይገባል። 30,000 የሚለው 111 ስለሚሆን ተዉት። ለመንገደኛው «ይሄ ፓወር ባንክ ነው፣ በእጅህ ያዘው» ብላችሁ ንገሩት። የዘጋውን ሻንጣ ኤርፖርት ላይ እንዲፈታ አታድርጉት።

ዕቃው ተበላሽቶ ወይም ተሳስቶ ቢመጣ መመለስ ይቻላል?

እህትህ ቤት እያለ ይቻላል፣ አብዛኛው ዕቃ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው። ደሴ ከገባ በኋላ ግን አለቀ በሉት። መልሶ ለመላክ የሚወጣው ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ማክሰኞ ደረሰ ያልኩት ዕቃ ረቡዕ ይከፈታል። እህቴ ስልኩን ታበራዋለች፣ ገመዱን ትሰካዋለች፣ የጫማውን ቁጥር ታነብልኛለች። ፎቶውን ትልክልኛለች፤ እኔ ለባለቤቱ አሳየዋለሁ። ካርቶኑን ትጥለዋለች፣ ኪሎ ይበላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሚኒመም ለመሙላት ብቻ የማይፈለግ ዕቃ ጨምሮ ኋላ መመለስን አትሞክሩት። አንዳንድ መደብር ቀሪው ከሚኒመሙ በታች ሲሆን የማድረሻውን ዋጋ ከተመላሹ ላይ ይቀንሰዋል።

የአዲስ አበባ የቴሌግራም ሱቆች «ነፃ ዴሊቨሪ» ሲሉ ደሴንም ይጨምራል?

ብዙ ጊዜ አይጨምርም። «ነፃ ዴሊቨሪ» የሚሉት በሞተር ለሚደርሱበት ለአዲስ አበባ ነው። ከሥሩ «ክፍለ ሀገር እንልካለን» የሚል ካለ የሚልኩት በአውቶቡስ ነው፤ የጭነቱን ሂሳብ መናኸሪያ ሄደህ ስትረከብ አንተ ትከፍላለህ። ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቅ፦ የጭነቱን ማን ይከፍላል፣ በየትኛው መኪና ይላካል፣ መቼ ይነሳል። የሹፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክና የታርጋውን ቁጥር ላክልኝ በል። ዕቃው ኮምቦልቻ ላይ የሚወርድ ከሆነም አስቀድመህ እወቅ፤ ሐረጎን ወርደህ ለመመለስ የታክሲው ሂሳብ ያንተው ነው።